«ሱፐርሂሮ» የሚለው ቃል የሌለበት የሱፐርሂሮ ትእዛዝ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር በስልካችን ከሚደርሱን የልደት ጥሪዎች መካከል፣ የባለ ልደቱ ሕፃን ፎቶግራፍ ወደ ሥዕል ተለውጦ ልጁ እንደ ሱፐርሂሮ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ወይም ደመና እየሰነጠቀ ሲበር የሚያሳዩት እየበዙ መጥተዋል። ቀድሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሥዕል የሚችል ሰው መፈለግ፣ ቀናት መጠበቅና ደኅና ገንዘብ መክፈል ግድ ነበር፤ ዛሬ ግን ሥዕል የሚያመነጭ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በስልኩ ላይ ያለው ወላጅ አንድ ፎቶግራፍና አንድ አንቀጽ ትእዛዝ፣ ወጣቶቹ ፕሮምፕት የሚሉትን ማለት ነው፣ ሰጥቶ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሥዕሉን ይቀበላል። ሥዕሎቹ ያምራሉ። ነገር ግን ከሥር የተጻፈውን ስም ሸፍነው ለቅርብ ዘመድ ቢያሳዩት የማን ልጅ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

እኔ በደብረ ማርቆስ በአንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት የካርድና የባነር ዲዛይን እሠራለሁ፤ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ወደ ወረቀት ለማውጣት የሚመጡ ወላጆችም በየሳምንቱ ያጋጥሙኛል። አብዛኞቹ ጥፋቱን የመሣሪያው ያደርጉታል። በእኔ እይታ ግን የጥፋቱ ትልቁ ድርሻ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው፤ ወላጁ ስለ ሱፐርሂሮው ብዙ ጽፎ ስለ ልጁ ምንም ሳይጽፍ ይቀራል፤ ፎቶግራፉን ስላያያዘ የልጁ ነገር ያለቀ ይመስለዋልና። ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላይ ማሳየት ይሻላል።

በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. አንዲት እናት የልጃቸውን ስድስተኛ ዓመት ልደት ለማክበር ካርድ ሊያሠሩ መጡ። ቀኑ ተቆርጧል፤ እሑድ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ለመስቀል ከገጠር የሚመጡት ዘመዶች ሳይበተኑ እንዲገኙ ታስቦ ነው። ፎቶግራፉ በግቢያቸው ደጃፍ የተነሣ ነበር፤ ልጁ ጠይም ነው፣ ጠጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀው አዲሶቹ ገና አልበቀሉም፣ በግራ ቅንድቡ ላይ አንዲት ትንሽ ጠባሳ አለችው፣ በአንገቱም ማተብ አስሯል። እናቲቱ ቤት ሳሉ ሞክረውት ነበርና የጻፉትን ትእዛዝ አሳዩኝ፦ «ልጄን ጠንካራና የሚያምር ሱፐርሂሮ አድርገህ የልደት ጥሪ ካርድ ሥራልኝ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

የወጣው ሥዕል በመጀመሪያ እይታ ዓይን ይስባል። ቀረብ ብዬ ስመለከተው ግን በሥዕሉ ላይ ያለው የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ክንዱ ጡንቻ አውጥቷል፣ አገጩ ሹል ሆኗል። ዓይኑን ጥቁር ጭንብል ሸፍኖታል፤ ከጭንብሉ ጋር ቅንድቡና ጠባሳው ሄደዋል። አፉ በሁለት ረድፍ ነጭ ጥርስ ተሞልቷል። ቆዳው ከፎቶግራፉ ይልቅ ፈክቷል፣ ጠጉሩም ወደ ለስላሳ ዞማ አዘንብሏል። ከበስተኋላው የረጃጅም ሕንፃዎች ከተማ አለ፤ ከላይ ደግሞ ፊደል የሚመስል፣ አንዱም የማይነበብ የወርቅ ጽሑፍ ተዘርግቷል። አብረው የመጡት አያት ስልኩን ተቀብለው ራቅ ቀረብ አድርገው ካዩ በኋላ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማተቡስ የታለ?»

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት መሣሪያው ከውስጥ የሚሠራበትን መንገድ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ሥዕሉን የሚጀምሩት ከዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ነው፤ ምልክት በጠፋበት ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታየው ያለ ማለት ነው። ያንን ነጠብጣብ ደረጃ በደረጃ ያጠሩታል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ወዴት አቅጣጫ መጥራት እንዳለበት የሚመራው ደግሞ የተጻፈው ትእዛዝና የተያያዘው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ተቆርጦ አይለጠፍም፤ መሣሪያው ከፎቶግራፉ ዋና ዋና ምልክቶችን ይወስድና ፊቱን እንደ አዲስ ይሥለዋል። ስለዚህ ፎቶግራፉና ቃላቱ በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ ሆነው ይጓተታሉ። «ሱፐርሂሮ» የሚለው ቃል በመሣሪያው ሥልጠና ውስጥ እጅግ ብዙ ሥዕሎችን ያየ ከባድ ቃል ነው፤ በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ያሉት በአብዛኛው ጎልማሶች፣ ጡንቻማዎች፣ ብዙዎቹ ጭንብል ያጠለቁ፣ ሲበዛም ነጮች ናቸው። ቃሉ ሲጠራ እነዚያ ሁሉ አብረውት ይመጣሉ። የልጁ የወለቀ ጥርስ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥቁር ክፍተት ናት፤ መሣሪያው ካያቸው ሥዕሎች አንጻር እንደ ጉድለት ትቆጠራለችና ትሞላለች። ማተቡም እንዲሁ ነው፤ ቀጭን ክር ከሹራብ አንገት አጠገብ ሲታይ መሣሪያው እንደ ጥላ ወይም እንደ ስፌት ቆጥሮ ያልፈዋል።

«የሚያምር» የሚለው ቃል የሚያስከፍለው ዋጋ በተለይ መታወቅ አለበት። እናት ልጇን ቆንጆ ማለቷ የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን በትእዛዝ ውስጥ ይህ ቃል ለመሣሪያው የሚነግረው ፊቱን ወደ አማካይ ውበት እንዲያስጠጋው ነው፤ ቆዳው ይለሰልሳል፣ አፍንጫው ይቀጥናል፣ ሁለቱ የፊት ጎኖች እኩል ይሆናሉ። ልጁን ከሌላው ልጅ የሚለዩት ነገሮች ደግሞ ከአማካዩ የወጡት ናቸው። «ጠንካራ» የሚለውም ዕድሜ ይጨምራል። ከእናቲቱ ትእዛዝ ውስጥ ገላጭ የሆኑት ቃላት እነዚህ ሁለቱና «ሱፐርሂሮ» ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ልጁን ከፎቶግራፉ የሚያርቁ ናቸው።

ስለዚህ አዲሱን ትእዛዝ ስንጽፍ አንድ ለጆሮ እንግዳ የሆነ ውሳኔ ላይ ደረስን፤ «ሱፐርሂሮ» የሚለውን ቃል ጨርሰን አወጣነው፣ «የልደት ጥሪ ካርድ» የሚለውንም እንዲሁ። ሱፐርሂሮን ሱፐርሂሮ የሚያደርገው ለተመልካች ዓይን ልብሱና አቋሙ ነው፤ ልብሱንና አቋሙን በተራ ቃል ከገለጹ ጭንብሉና ጡንቻው ሳይጠሩ አይመጡም። «የጥሪ ካርድ» የሚለው ደግሞ መሣሪያው ፊደል፣ ፊኛና የወርቅ ክፈፍ እንዲደረድር ይጋብዘዋል፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ደግሞ ጽሑፍ የምናስቀምጥበት ባዶ ቦታ እንጂ የመሣሪያው ጽሑፍ አይደለም። የተጻፈው ይህ ነበር፦

```
በፎቶግራፉ ላይ ያለውን የስድስት ዓመት ልጅ
በውኃ ቀለም ሣለው።

እንዳለ የሚቀር፦ የፊቱ ቅርጽ፤ ጥቁር ቡናማ ቆዳው፤
አጭርና ጥቅጥቅ ያለ የተጠቀለለ ጠጉሩ፤ ሲስቅ
ከላይ መካከል ላይ የሚታየው የሁለት ጥርስ ባዶ
ቦታ፤ በሥዕሉ ቀኝ በኩል ባለው ቅንድቡ ላይ ያለች
ትንሽ ጠባሳ፤ በአንገቱ የታሰረ ቀጭን ጥቁር ክር፤
የስድስት ዓመት ልጅ ቁመናና ቀጭን ክንድ።

የሚለወጥ፦ ልብሱ ብቻ። ሰማያዊ ረጅም እጅጌ
ሹራብ፤ ከትከሻው ወደ ኋላ የሚውለበለብ ቀይ
ጨርቅ፤ ደረቱ ላይ ባዶ ቢጫ ክብ። እጆቹን ወገቡ
ላይ አድርጎ ቆሟል። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል።

ከኋላው፦ ትናንሽ ቢጫ አበባ የሞላው አረንጓዴ
ኮረብታ። የላይኛው አንድ ሦስተኛ ባዶ ሰማይ።
ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል፣ 2:3።
```

ከዚህ ትእዛዝ ውስጥ ግማሹን ያህል ቦታ የያዘው ስለማይለወጠው ነገር የሚናገረው ክፍል መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ይህ ክፍል ከፎቶግራፉ ጋር አንድ ዓይነት ነገር እየደገመ ይመስላል፤ ድግግሞሹ ግን ሥራ አለው፤ በፎቶግራፉ ውስጥ ደብዛዛ የሆነችውን ጠባሳና ቀጭኗን ክር በቃል ሲጠሩ መሣሪያው ከጥላ ይለያቸዋል። ቃላቱም የተመረጡት በጥንቃቄ ነው። እኛ የሰውን መልክ የምንገልጽባቸው «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም» የሚሉት ቃላት በእኛ መካከል ግልጽ ቢሆኑም ለመሣሪያው ግን አይደሉም፤ አንድ አባት «ልጄ ቀይ ነው» ብለው ጽፈው ፊቱ በፀሐይ እንደ ተቃጠለ ፈረንጅ የቀላ ልጅ ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ ቀለሙን «ጥቁር ቡናማ»፣ «ፈካ ያለ ቡናማ» እያሉ እንደ ቀለም መግለጽ ይሻላል። «ማተብ» የሚለውም በ«ቀጭን ጥቁር ክር» ተተክቷል። «ካባ» የሚለውን ያልጻፍንበት ምክንያት ደግሞ ቃሉ በእኛ ዘንድ የሙሽራና የካህን ልብስ ጭምር ስለሆነ ነው፤ ቀደም ሲል ለሌላ ልጅ ካባ ብዬ አዝዤ በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ፣ መሬት የሚጠርግ የሙሽራ ልብስ ወጥቶልኛል፤ ያምር ነበር፣ ነገር ግን አይበርም።

ግራና ቀኝም ያሳስታሉ። የልጁ ግራ ቅንድብ ለተመልካቹ በቀኝ በኩል ነው፤ «ግራ» ተብሎ ሲጻፍ መሣሪያው አንዳንዴ የልጁን፣ አንዳንዴ የተመልካቹን ይወስዳል። በስልክ የፊት ካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ ከሆነ ደግሞ ብዙ ስልኮች ምስሉን እንደ መስታወት ስለሚገለብጡት ጠባሳው ቀድሞውኑ ቦታውን ለውጦ ሊሆን ይችላል። «በሥዕሉ ቀኝ በኩል» ማለት ክርክሩን ይዘጋል፤ ፎቶግራፉንም በኋላ ካሜራ ማንሣት ይመረጣል።

«ጭንብል አይኑር» ከማለት ይልቅ «ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል» መባሉም በምክንያት ነው። በርካታ መሣሪያዎች አሉታውን በደካማው ነው የሚይዙት፤ ጭንብል የሚለውን ስም ከሰሙ፣ «አይኑር» የሚለው ቢከተለውም፣ ጭንብል ወደ ሥዕሉ ሊገባ ይችላል። የማይፈለገውን ከመከልከል በቦታው የሚፈለገውን መሰየም ይበልጣል። የጥርሱም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ «የፊት ጥርስ የለውም» ሳይሆን «የሁለት ጥርስ ባዶ ቦታ ይታያል» ተብሏል።

የውኃ ቀለም የተመረጠው ለጌጥ ብቻ አይደለም። እንደ ፎቶግራፍ ቁልጭ ያለ ሥዕል ሲታዘዝ ትንሿ የፊት ስሕተት ታስደነግጣለች፤ ዓይን ከልኩ በጥቂቱ ሲሰፋ የእኛ ልጅ ያልሆነ፣ የእኛን ልጅ የሚመስል ሰው እንደ ማየት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ትልልቅ ዓይን ያለው የካርቱን ዓይነት ሥዕል ሁሉንም ልጅ አንድ ያደርገዋል። የውኃ ቀለም ከሁለቱ መካከል ነው፤ ፊቱን ያቀልለዋል እንጂ ወደ ሌላ ፊት አይቀርጸውም። ከፎቶግራፉ ምን ያህል እንዲርቅ የሚወስን ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ባላቸው መሣሪያዎች ላይ ይህ ሚዛን በቁጥር ይታያል፤ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ 0 ላይ ፎቶግራፉ እንዳለ ይመለሳል፣ 1 ላይ ከፎቶግራፉ የሚቀር ነገር የለም። በእኔ ልምድ ወደ 0.3 ሲጠጋ ፊቱ ይተርፋል፣ ግን የቤት ቲሸርቱም አብሮ ይተርፋል፤ 0.8 ላይ ልብሱ ተለውጦ ፊቱም የሌላ ሰው ይሆናል። መውጫው ፊቱን በጣት ቀብቶ ከለውጥ ማገድና ከአንገት በታች ያለውን ብቻ እንዲሥል ማድረግ ነው፤ ነገር ግን የታገደው ፊት ፎቶግራፍ ሆኖ ስለሚቀር በተሣለ ገላ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ይህን የወደደ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በአዲሱ ትእዛዝ የወጣው ሥዕል ልጁ ነበር። ጥርሱ እንደ ወለቀ ነው፣ ጠጉሩም የራሱ ነው፤ አያትም ገና ሳይጠየቁ ስሙን ጠሩ። አንድ ነገር ግን አልተስተካከለም፤ ቀጭኑ ጥቁር ክር የወርቅ ሐብል ሆኗል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት አለ። የወጣውን ሥዕል መልሰው ለመሣሪያው ሰጥተው «ሐብሉን ወደ ክር ለውጥ» ይላሉ፤ ክሩ ይስተካከላል። ቀጥለው «ጨርቁን ትንሽ አስረዝመው»፣ ከዚያ «አበባውን ጨምር» ይላሉ። በየጊዜው መሣሪያው ክሩን ወይም ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉን በሙሉ እንደገና ስለሚሥል ፊቱ በእያንዳንዱ ዙር በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ የፎቶ ኮፒ ቅጂ እየተቀዳ ሲሄድ እንደሚደበዝዘው ነው። በአምስተኛው ዙር ልጁ የአጎቱን ልጅ ይመስላል። ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሆነ ደግሞ ሥራው ላይ ያለ ሰው አያስተውለውም፤ የሚታወቀው የመጨረሻውን ሥዕል ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ አጠገብ አድርገው ሲያዩት ነው። እኛ ወደ መጀመሪያው ፎቶግራፍ ተመልሰን በትእዛዙ ውስጥ «ከጥጥ የተፈተለ፣ የማያብለጨልጭ» የሚል ጨምረን እንደ አዲስ አሠራነው፤ በሦስተኛው ሙከራ ክሩ ክር ሆነ።

ፎቶግራፉ ራሱ የሚገባውን ያህል ትኩረት አያገኝም። በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል የተላከ ፎቶግራፍ ተጨምቆ ስለሚደርስ ጠባሳንና ክርን የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ይደበዝዛሉ፤ እንደ ፋይል ቢላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ይሁንና እንደ ፋይል የተላከው ፎቶግራፍ የተነሣበትን ሰዓትና፣ የስልኩ ቦታ መመዝገቢያ ክፍት ከነበረ፣ የቤቱን ትክክለኛ ቦታ ጭምር በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ የልጅ ፎቶግራፍ ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቦታ መመዝገቢያውን ዘግቶ ማንሣት ይቀድማል። በጥላ ሥር፣ ብርሃን ከፊት እየመጣ፣ ፊቱ የምስሉን ግማሽ ያህል ሞልቶ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከአሥር የግቢ ፎቶግራፎች ይበልጣል። ከጎኑ የቆሙ የጎረቤት ልጆች ካሉ ተቆርጠው ይውጡ፤ መሣሪያው ፊታቸውን ከባለ ልደቱ ፊት ጋር ስለሚቀላቅል ብቻ ሳይሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሕፃናትን መረጃ በሚመለከት የወላጅን ወይም የአሳዳጊን ፈቃድ ስለሚጠይቅ ነው፤ የጎረቤት ልጅን ፊት ወደ ባዕድ ኮምፒውተር ለመላክ ፈቃዱ ያለው ጎረቤት ብቻ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች የሕፃናትን ፎቶግራፍ ጨርሰው አይቀበሉም፤ ያንን በቃላት ለማታለል ከመሞከር ሌላ መሣሪያ መፈለግ ወይም ለሠዓሊ መስጠት ይሻላል።

ትእዛዙን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ መሣሪያው ይለያያል። በንግግር መልክ የሚታዘዙት አዳዲሶቹ አማርኛን ይረዳሉ፤ ከላይ ያለውም የተሠራው በአማርኛ ነው። በስልክና በኮምፒውተር ላይ በነፃ የሚጫኑት ቆየት ያሉት ግን በእንግሊዝኛ መግለጫ ብቻ የሠለጠኑ ናቸው። ከእነርሱ በሰፊው የታወቀው ስቴብል ዲፊውዥን በመጀመሪያዎቹ ዓይነቶቹ ትእዛዙን በትናንሽ ቁራሾች ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ የሚያነበው 77 ቁራሽ ብቻ ነው፤ አንድ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ቁራሽ ገደማ ሲሆን፣ አንድ የግእዝ ፊደል ግን በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ስለሚይዝ እስከ ሦስት ቁራሽ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የአማርኛው ትእዛዝ ከሃያ አምስት ፊደል ገደማ በኋላ ሊቆረጥ ይችላል፤ የተነበበውም ትርጉም አይሰጠውም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ምንም ቢጻፍ ሥዕሉ ከቃላቱ ጋር የማይገናኝ ከሆነ መሣሪያው አማርኛውን እያነበበ አይደለም።

በካርዱ ላይ የሚቀመጠውን ጽሑፍ ግን በየትኛውም መሣሪያ ማስጻፍ አልመክርም። መሣሪያው ፊደልን እንደ ሥዕል ቅርጽ ነው የሚያየው፤ ከሠለጠነባቸው ሥዕሎች ውስጥ ደግሞ የግእዝ ፊደል ያለባቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። የእኛ ፊደል አናባቢውን የሚለየው በአንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ስለሆነ ስሕተቱ ቃሉን ይለውጠዋል፤ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ «ልደት» ሊሆን የሞከረው ቃል «ሉዴ» የሚመስል ነገርና ከኋላው አንድ የማይታወቅ ምልክት ሆኖ ነበር የወጣው። የስም ፊደል እንኳ የማይታመን ስለሆነ ነው ደረቱ ላይ ያለው ክብ ባዶ እንዲሆን የታዘዘው፤ የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል በኋላ እኔ በፊደል ቅርጽ አስገባሁት። ለሰማዩ ጽሑፍ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የተባለውን በነፃ የሚገኝ የፊደል ቅርጽ ተጠቅመናል፤ ማንኛውም ጽሑፍ የሚያስገባ የስልክ መተግበሪያ ይበቃል። ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች በሚላከው ቅጂ ላይ ብቻ ከሥሩ በትንሹ «በፈረንጆች ሴፕቴምበር 28 ቀን 2025፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 8፣ በእነርሱ አቆጣጠር 2 ሰዓት» የሚል ተጨምሯል፤ ባለፈው ዓመት አንድ አጎት «8 ሰዓት» የሚለውን አይተው በማለዳ የቪዲዮ ጥሪ አድርገው ቤተሰቡን ከእንቅልፍ ቀስቅሰዋልና።

ወደ ወረቀት ሲወጣ ስሌቱ ይህን ይመስላል። ሥዕሉ 1024 በ1536 ፒክስል ነበር። የፖስት ካርድ ያህል የሆነው ኤ6 ወረቀት 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ ሥዕሉ በአንድ ኢንች 248 ነጥብ ያህል ያገኛል፤ ከሚመከረው 300 ቢያንስም በእጅ ተይዞ ሲታይ ጥሩ ነው። ይኸው ሥዕል በኤ4 ላይ ወደ 124 ነጥብ ወርዶ ጠባሳዋ ወደ ጭጋግ ትቀየራለች። የሥዕሉ ቁመት ከወረቀቱ ቁመት በመጠኑ ስለሚበልጥ ደግሞ ወርዱ ልክ ሲገባ ከቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ከላይኛው ጠርዝ፣ የልጁ ጫማም ከታችኛው ጠርዝ ራቅ ማለት አለባቸው። በመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ ላይ የልጁ ፊት ከስልኩ ይልቅ ጠቁሮ ወጣ፤ ስልክ ከራሱ ብርሃን ይሰጣል፣ ወረቀት ግን አይሰጥም። ቀላሉ ነገር ሥዕሉን በሙሉ ማፍካት ነው፤ እንዲያ ሲደረግ ግን መሣሪያው በመጀመሪያ የሠራውን ጥፋት እኛው በእጃችን እንደግመዋለን። ከፊቱ ጀርባ ያለውን ሰማይ አፈካነው፤ ፊቱን በጥላው በኩል ብቻ በጥቂቱ አነሣነው፤ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ጥርሱም ጠባሳውም ታዩ።

የታወቁትን የፊልምና የመጽሔት ጀግኖች አርማና ስም አለመጠቀማችን በከፊል የሕግ ጉዳይ ነው። ቅርጾቹ ባለቤት አላቸው፤ እናት በቤቷ ለራሷ ብታሠራው አንድ ነገር ነው፣ እንደ እኔ ያለ ማተሚያ ቤት አትሞ ሲሸጠው ግን ሌላ ነው፤ ብዙ መሣሪያዎችም ስሙን ሲሰሙ እምቢ ይላሉ። ለእኔ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ የታወቀ ጀግና ስም የታወቀ ፊት ይዞ ይመጣል፤ በገመዱ ላይ ከ«ሱፐርሂሮ» የባሰ ጉልበት አለው።

ካርዱ በተበተነ በሳምንቱ የእናቲቱ ጎረቤት ያንኑ ትእዛዝ በስልካቸው ተቀብለው፣ «ልጅ» የሚለውን «ልጅት» አድርገው፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸውን ፎቶግራፍ አያይዘው ሞክረውታል። የወጣችው ልጅ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም፤ የእርሳቸው ልጅ ግን ገና አንድም አልወለቀላትም። ጠባሳም ተጨምሮላታል። «እንዳለ የሚቀር» የሚለው ክፍል ከልጅ ወደ ልጅ እንደማይዋስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ልጅቱን አስቀምጠን ያንን ክፍል ከባዶ ጻፍነው፤ ከባዱ ሹሩባዋ ነበር። «ሹሩባ» ሲባል መሣሪያው እስከ ወገብ የሚወርድ ወፍራም ጉንጉን ሠራ። «ከግንባሯ ወደ ኋላ በራስ ቅሏ ላይ ተጣብቆ የተሠራ፣ እንደ ክር የቀጠነ ብዙ ጉንጉን፣ ከማጅራቷ ላይ ሲደርስ ተፈትቶ የተበተነ» ስንለው ግን ቀረበ፤ ጉንጉኑን ቆጥራ አንድ እንደጎደለ የነገረችን ራሷ ልጅቱ ናት።